አንድ ኩባንያ ወይስ አንድ ዝርዝር? ስለ ኢቲኤፍ የቀረበ ዲስኩር

ለዚህ ምሽት ስትጋብዙኝ የላካችሁልኝ ጥያቄ አጭርና ግልጽ ነበር፦ ኢቲኤፍ የሚባለው ነገር ምንድን ነው? የአንድ ኩባንያ አክሲዮን ከመግዛትስ በምን ይለያል? ጥያቄው የመጣበት ምክንያት ይገባኛል። እዚህ ዋሽንግተንና አካባቢዋ የሚኖር ብዙ ወገናችን አክሲዮን የሚገዛበት መተግበሪያ በስልኩ ላይ ጭኗል። እዚያ ስልክ ላይ ኢቲኤፍና የኩባንያ አክሲዮን ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ ሁለቱም ዋጋቸው በዶላር ተጽፎ ይታያል፤ ሁለቱም አንድ ቁልፍ ተጭኖ ይገዛሉ። መልካቸው አንድ ስለሆነ ባሕርያቸውም አንድ ይመስላል። አይደለም።

ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የአንድ ኩባንያ አክሲዮን የገዛ ሰው ገንዘቡን ያሰረው ከዚያ ኩባንያ ዕጣ ጋር ነው። ኢቲኤፍ የገዛ ሰው ደግሞ ገንዘቡን ያሰረው ከአንድ የመምረጫ ሕግ ጋር ነው። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ “አንዱ አንድ ነው፣ ሌላው ብዙ ነው” ተብሎ ይነገራል። ይህ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ግማሹን ነው የሚናገረው። ብዙ ኩባንያ መያዝ አንድ ነገር ነው፤ የትኛው እንደሚገባና የትኛው እንደሚወጣ የሚወስን ሕግ መያዝ ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ በእጃችን የምንይዘው ምን እንደሆነ እናያለን። ቀጥለን ሕጉ ሲሠራ የታየበትን አንድ እውነተኛ ታሪክ በዝርዝር እንከተላለን። ከዚያ የሚነሱትን ተቃውሞዎች አንድ በአንድ እመልሳለሁ፤ በመጨረሻም ይህ ስም ራሱ የሚያሳስትበትን ቦታ አሳያችኋለሁ። የምጠራቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንግዲህ ከመጀመሪያው እንጀምር። አክሲዮን የአንድ ኩባንያ ባለቤትነት ቁራሽ ነው። ኩባንያው ሲያተርፍና ለባለቤቶቹ ሲያካፍል የትርፍ ድርሻ ይደርሳችኋል፤ በጠቅላላ ጉባኤው ድምፅ ትሰጣላችሁ፤ ኩባንያው ሲከስር ደግሞ አበዳሪው ሁሉ ተከፍሎ ካበቃ በኋላ የሚተርፍ ነገር ካለ ተራችሁ የመጨረሻው ነው። ብዙ ጊዜ የሚተርፍ ነገር የለም። ኢቲኤፍ ግን ፈንድ ነው። ሦስቱ ፊደላት ኤክስቼንጅ ትሬድድ ፈንድ ለሚለው የቆሙ ሲሆን፣ በአክሲዮን ገበያ ላይ እንደ ማንኛውም አክሲዮን ቀኑን ሙሉ የሚሸጥና የሚገዛ ፈንድ ማለት ነው። ፈንዱ ራሱ አይነግድም፤ ፋብሪካም ሱቅም የለውም። ዛሬ የምንናገርለት ዓይነት ያለው የሌሎች ኩባንያዎች አክሲዮን ነው። የቅርጫን ነገር ለምታውቁ አንዱን መደብ አስቡት፦ መደቡን ያነሣ ሰው ሻኛውንም፣ ታፋውንም፣ ጎድኑንም ጥቂት ጥቂት ይዞ ይሄዳል እንጂ በሬው ውስጥ የተሻለው ብልት የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ መገመት አይጠበቅበትም። አንድ የኢቲኤፍ ድርሻም በፈንዱ ውስጥ ካለው ከእያንዳንዱ ኩባንያ ጥቂት ጥቂት ይይዛል።

የአሜሪካው የመጀመሪያው ኢቲኤፍ መገበያየት የጀመረው በጥር 29 ቀን 1993 ነው። በስልካችሁ ላይ SPY ብላችሁ ስትጽፉ የሚወጣው እሱ ነው፤ እስከ ዛሬ አለ። የሚከተለውም ኤስ ኤንድ ፒ 500 የሚባለውን ዝርዝር፣ ማለትም አምስት መቶ ያህል ታላላቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች የሚመዘገቡበትን ዝርዝር ነው። ሐሳቡን ካፈለቁት ሰዎች ዋነኛው ናታን ሞስት በሸቀጥ ንግድ የቆየ ሰው ነበር፤ ያነሣሣውም የመጋዘን ደረሰኝ ነው። ከመካከላችሁ የቡና ንግድ የሚያውቅ ካለ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። በኢትዮጵያ ምርት ገበያ አቅራቢው ቡናውን መጋዘን አስገብቶ ደረሰኝ ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ የሚሸጠው የሚለወጠው ደረሰኙ ነው፤ ጆንያው ከቦታው አይነቃነቅም። ሞስትም ያሰበው ይህንኑ ነው፦ የአምስት መቶ ኩባንያ አክሲዮን አንድ ቦታ ይቀመጥ፣ ገበያ ላይ የሚዘዋወረው ደረሰኙ ይሁን።

ደረሰኙ ከዕቃው ዋጋ ርቆ እንዳይሄድ የሚጠብቀው አሠራርም ከዚሁ የተቀዳ ነው። ፈቃድ የተሰጣቸው ታላላቅ የገንዘብ ተቋማት አክሲዮኖቹን በዝርዝሩ መጠን ሰብስበው ለፈንዱ ያስረክባሉ፤ ፈንዱም በምትኩ የራሱን ድርሻ ይሰጣቸዋል፤ SPY ላይ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ትንሹ መጠን 50,000 ድርሻ ነው። የፈንዱ ድርሻ በውስጡ ካለው ዋጋ በላይ ከተወደደ እነዚህ ተቋማት አዲስ ድርሻ አሠርተው ይሸጡታል፤ ከረከሰ ደግሞ ድርሻውን ገዝተው ይመልሱና አክሲዮኖቹን ይወስዳሉ። ለራሳቸው ትርፍ ብለው ነው የሚያደርጉት፤ ውጤቱ ግን የሁለቱ ዋጋ ተቀራርቦ እንዲኖር ማድረጉ ነው። የአንድ ኩባንያ አክሲዮን እንዲህ ያለ ጠባቂ የለውም። ዋጋው ገዢና ሻጭ የተስማሙበት ነው፤ ውስጡ ስንት እንደሚያወጣ በየደቂቃው የሚያሰላለት የለም።

አሁን ወዳልኋችሁ ታሪክ እንምጣ። በነሐሴ 2000 የኤንሮን አክሲዮን 90 ዶላር ደርሶ ነበር። መቀመጫው ሂውስተን፣ ሥራው የጋዝና የኤሌክትሪክ ንግድ የሆነ፣ በአሜሪካ ካሉት ታላላቅ ኩባንያዎች አንዱ ነበር። ሒሳቡን የሚመረምረው አርተር አንደርሰን በዓለም ላይ ከነበሩት አምስት ግንባር ቀደም የሒሳብ ምርመራ ድርጅቶች አንዱ ነው። ችግሩ ኩባንያው ዕዳውንና ኪሳራውን በሌሎች ትናንሽ ድርጅቶች ስም ደብቆ መያዙ ነበር። ይህ በ2001 መኸር ወደ አደባባይ ሲወጣ ኩባንያው የወራት ዕድሜ እንኳ አላገኘም። በኅዳር 28 ቀን ሊገዛው የነበረው ተፎካካሪ ሐሳቡን ለወጠ፤ በዚያ ቀን አክሲዮኑ 61 ሳንቲም ላይ ዘጋ። በታኅሣሥ 2 ኩባንያው ኪሳራ አወጀ።

ሁለት ሰዎችን እናስብ። ሁለቱም በነሐሴ 2000 እያንዳንዳቸው 10,000 ዶላር አላቸው። አንደኛው ገንዘቡን ሁሉ ኤንሮን ላይ አዋለ፤ በ90 ዶላር ሒሳብ 111 አክሲዮን ይደርሰዋል። በዚያ የኅዳር ማታ እነዚህ 111 አክሲዮኖች 70 ዶላር እንኳ አያወጡም ነበር። ሁለተኛው SPY ገዛ። ኤንሮን በኤስ ኤንድ ፒ 500 ውስጥ ስለነበረ እሱም ኤንሮንን ይዟል፤ ነገር ግን የኤንሮን ክብደት በዝርዝሩ ውስጥ ግማሽ በመቶ ገደማ ስለነበር ከ10,000ው ዶላር ኤንሮን ላይ ያረፈው 50 ዶላር ገደማ ነው። ያ 50 ዶላር ከሞላ ጎደል ጠፋ። ይህ “አንድ እና ብዙ” የሚለው ክፍል ነው፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ብዙ ሰው የማያየው ግን ቀጥሎ የሆነውን ነው። ኤንሮን ከዝርዝሩ ተሰረዘ፤ ዝርዝሩን የሚያስተዳድረው ኮሚቴም በምትኩ ሌላ ኩባንያ አስገባ። የገባው ለኮምፒዩተር ጨዋታ የሚሆን የምስል ማቀነባበሪያ ቺፕ የሚሠራ፣ ከቴክኖሎጂው ዓለም ውጭ ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ሰው የሆነ ኩባንያ ነበር፤ ኤንቪዲያ ይባላል። ከሃያ ሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በሰኔ 2024፣ በገበያ ዋጋ የዓለም አንደኛ ኩባንያ ለመሆን የበቃው ያው ኤንቪዲያ ነው። የSPY ባለቤት በ2001 ስለ ኤንቪዲያ ምንም ማወቅ አላስፈለገውም። ኤንሮንን ሽጡልኝ አላለም፤ ኤንቪዲያን ግዙልኝ አላለም፤ ተኝቶ ሳለ ፈንዱ ሕጉን ተከትሎ ለወጠለት። ኤንሮንን ብቻ የያዘው ሰው ግን የሚለውጥለት ሕግ አልነበረውም። ድርሻው ከኩባንያው ጋር ወደ መቃብር ወረደ። የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነው፦ ኩባንያ ይሞታል፤ ዝርዝሩ ግን የሞተውን እያስወጣ ሕያው የሆነውን እያስገባ ይቀጥላል።

እዚህ ላይ ግን እንድትታለሉበት የማልፈቅደው አንድ ነገር አለ። ሁለተኛው ሰውም በዚያ ጊዜ ከስሯል። ኤስ ኤንድ ፒ 500 በነሐሴ 2000 መጨረሻ 1,517 ነጥብ ላይ ነበር፤ በኅዳር 2001 መጨረሻ 1,139 ነጥብ ነው። ሩብ ያህል ወረደ ማለት ነው፤ 10,000ው ዶላር ወደ 7,500 ዶላር ሆነ። መውረዱም በዚያ አላቆመም፤ በጥቅምት 2002 ዝርዝሩ ከከፍተኛው ነጥቡ ግማሽ ያህሉን አጥቶ ነበር። የትርፍ ድርሻውን ሳንቆጥር ዋጋው ያንን የ2000 ከፍታ አልፎ በዘላቂነት የሄደው በ2013 ነው። ስለዚህ ኢቲኤፍ የአንድን ኩባንያ አደጋ ያሳንሳል እንጂ የገበያውን አደጋ አያሳንስም። ለሚቀጥለው ዓመት የቤት ቅድመ ክፍያ ወይም ለልጅ የትምህርት ክፍያ የሚፈለግ ገንዘብ በአምስት መቶ ኩባንያ ተከፋፈለም አልተከፋፈለም እዚያ ቦታ አይደለም መቀመጥ ያለበት።

ወደ ተቃውሞዎቹ ልለፍ። የመጀመሪያው ከአሁኑ በአእምሯችሁ ውስጥ እንደተነሣ እገምታለሁ፦ “ታዲያ በ2001 ኤንቪዲያን ብቻ የገዛ ሰው አይሻልም ነበር?” ይሻል ነበር፤ በጣም ይሻል ነበር። ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ጥያቄው ማን ያንን ሊያውቅ ይችል ነበር፣ ያወቀስ ሰው ይዞት ይቆይ ነበር ወይ ነው። ኤንቪዲያ ዝርዝሩ ውስጥ ከገባ በኋላ ባለው በ2002 ከዋጋው አብዛኛውን አጥቷል፤ ከ2007 እስከ 2008 ባለው ጊዜ ደግሞ እንደገና ከ80 በመቶ በላይ ወርዷል። 10,000 ዶላሩ ከ2,000 በታች ሲሆን እያየ፣ ያውም ሁለት ጊዜ፣ ሳይሸጥ የሚቆይ ሰው ጥቂት ነው። ሄንድሪክ ቤሴምባይንደር የተባሉት የፋይናንስ ፕሮፌሰር ከ1926 ጀምሮ የነበሩትን የአሜሪካ አክሲዮኖች ሁሉ መርምረው በ2018 ያሳተሙት ጥናት ነገሩን በግልጽ ያሳያል። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ያስገኘው የተጣራ ሀብት በሙሉ የመጣው ከኩባንያዎቹ 4 በመቶ ከሚሆኑት ብቻ ነው። ከግማሽ የሚበልጡት አክሲዮኖች ገንዘቡ በአጭር ጊዜ የመንግሥት ግምጃ ቤት ሰነድ ላይ ቢቀመጥ ኖሮ ከሚያስገኘው ያነሰ ነው ያስገኙት። እንግዲህ አንድ አክሲዮን በዘፈቀደ የሚመርጥ ሰው ዕድሉ ከአማካዩ ጋር እኩል አይደለም፤ ከአማካዩ በታች ነው። አማካዩን የሚጎትቱት ጥቂቶቹ ናቸው፤ እነዚያን ጥቂቶች አስቀድሞ ለማያውቅ ሰው ያለው አስተማማኝ መንገድ ሁሉንም መያዝ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት እሰጠዋለሁ፤ ምክንያቱም ከመካከላችን ብዙዎችን ይነካል። “እኔ የምገዛው የማውቀውን ኩባንያ ነው፤ የምሠራበትን ነው፤ ከውስጥ አየዋለሁ” ይባላል። የኤንሮን ሠራተኞችም ኩባንያቸውን ከውስጥ ያዩት ነበር። ፎር ኦ ዋን ኬይ በሚባለው የጡረታ ቁጠባቸው ውስጥ ከነበረው ገንዘብ ከግማሽ በላዩ የኤንሮን አክሲዮን ነበር። ኩባንያው ለቁጠባቸው የሚጨምርላቸውን በገዛ አክሲዮኑ ይሰጣቸው ነበር፤ ያንን ክፍል ደግሞ 50 ዓመት ሳይሞላቸው መሸጥ አይፈቀድላቸውም ነበር። ኩባንያው ሲወድቅ ብዙዎቹ ሥራቸውንም አብዛኛውን ቁጠባቸውንም አጡ። ልብ በሉ፤ ሠራተኛ የሆነ ሰው ደመወዙ ራሱ ከኩባንያው ዕጣ ጋር የታሰረ ነው። በዚያ ላይ ቁጠባውን ሲጨምር አንዱን አደጋ ሁለት ጊዜ እየገዛ ነው። በሆስፒታል፣ በሆቴል፣ በአየር መንገድ ወይም በቴክኖሎጂ ድርጅት የምትሠሩና ከአሠሪያችሁ በቅናሽ አክሲዮን የሚሰጣችሁ ሁሉ ቅናሹን መውሰድ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን መሸጥ የሚፈቀድበት ቀን መቼ እንደሆነና ከጠቅላላ ቁጠባችሁ ስንት እጁ እዚያ እንዳለ ዛሬውኑ ዕወቁ።

ሦስተኛው፦ “ፈንዱን የሚያስተዳድረው ድርጅት ራሱ ቢከስርስ? ሌላ ኤንሮን አይሆንም?” ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ቀላል ነው። በአሜሪካ ሕግ የፈንዱ አክሲዮኖች የአስተዳዳሪው ሀብት አይደሉም፤ ተለይተው በጠባቂ ባንክ ዘንድ ለፈንዱ ባለድርሻዎች ይቀመጣሉ። አስተዳዳሪው ቢከስር አበዳሪዎቹ ሊነኩት አይችሉም። አንድ ፈንድ ገዢ አጥቶ ቢዘጋ እንኳ በውስጡ ያለው ይሸጥና በዕለቱ ዋጋ ገንዘቡ ይመለሳል። አስተዳዳሪው የሚያገኘው የአገልግሎት ክፍያ ነው፤ SPY ላይ በዓመት 0.0945 በመቶ፣ ማለትም ከ10,000 ዶላር 9 ዶላር ከ45 ሳንቲም ነው። ዋጋ የምትከፍሉበት ሌላም ነገር አለ፤ እሱም ድምፅ ነው። በኩባንያዎቹ ጉባኤ ላይ ድምፅ የሚሰጠው በመሠረቱ የፈንዱ አስተዳዳሪ ነው፤ እናንተ አይደላችሁም። አንድን ኩባንያ ለመለወጥ ወይም አመራሩን ለመገሠጽ ለሚፈልግ ሰው የኩባንያው አክሲዮን እንጂ ኢቲኤፍ መሣሪያው አይሆንም።

እስካሁን ስለ አንድ ዓይነት ሕግ ነው የተናገርሁት። አሁን ግን ስሙ የሚያሳስትበትን ላሳያችሁ። ኢቲኤፍ የሚለው ቃል የሚነግራችሁ ዕቃው በምን እንደተጠቀለለ ብቻ ነው፤ ውስጡ ምን እንዳለ አይነግራችሁም። ከሐምሌ 2022 ጀምሮ በአሜሪካ አንድ ኩባንያ ብቻ የሚከተሉ ኢቲኤፎች ይሸጣሉ። እነዚህን የገዛ ሰው ኢቲኤፍ ይዣለሁ ቢልም የያዘው የአንድ ኩባንያን ዕጣ ነው፤ ያውም ብዙዎቹ በየቀኑ የኩባንያውን ለውጥ ሁለት እጥፍ እንዲያደርጉ የተሠሩ ናቸው። “በየቀኑ” የምትለዋ ቃል ብዙ ገንዘብ ትበላለች። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ አክሲዮን 100 ዶላር ነው እንበል፤ ዛሬ 10 በመቶ ወርዶ 90 ሆነ፤ ነገ 11.1 በመቶ ወጥቶ ወደ 100 ተመለሰ። የአክሲዮኑ ባለቤት ምንም አልጎደለበትም። ሁለት እጥፍ የሚከተለው ፈንድ ግን ዛሬ 20 በመቶ ወርዶ 80 ይሆናል፤ ነገ በ22.2 በመቶ ሲወጣ የሚደርሰው 97.8 ላይ ነው። አክሲዮኑ ቦታው ተመለሰ፤ ፈንዱ ግን ከ2 ዶላር በላይ ጎደለበት። ይህ ለወራት ሲደጋገም አክሲዮኑ ባለበት ቆሞ ፈንዱ ሊመነምን ይችላል። የአስተዳዳሪው ጥፋት አይደለም፤ ሕጉ ራሱ እንዲህ ነው። ገዢው ግን ሕጉን ሳያነብ ስሙን ነው የገዛው።

ሰፊ በሚባለው ዝርዝር ውስጥም ቢሆን ሕጉን ማወቅ ይጠቅማል። ኤስ ኤንድ ፒ 500 ለእያንዳንዱ ኩባንያ እኩል ቦታ አይሰጥም፤ የገበያ ዋጋው የገዘፈ ኩባንያ የበለጠ ቦታ ይይዛል። በ2025 ከዝርዝሩ ክብደት ከሲሶ በላዩ በአሥር ኩባንያዎች እጅ ነበር፤ አብዛኞቹም የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ናቸው። ኤንሮን ግማሽ በመቶ ገደማ ብቻ ስለነበር ኪሳራው ብዙም የሚሰማ አልነበረም፤ ዛሬ ከዝርዝሩ አናት ያለ ኩባንያ ቢናጋ ግን ሁሉም ባለድርሻ ይሰማዋል። አንዳንዶች ይህን ይዘው “እንግዲያው ከአንድ አክሲዮን በምን ተለየ?” ይላሉ። መልሴ ያው ነው፦ ያ ኩባንያ እየከሰመ ሲሄድ ክብደቱ በሕጉ መሠረት እየቀነሰ፣ የሚያድገው ቦታውን እየወሰደ ይሄዳል። መውደቁ ያማል፤ ግን የሁሉ ነገር ማብቂያ አይሆንም።

ወደ አገር ቤትም አንድ ጊዜ ልመለስ፤ ከመካከላችሁ በአዲስ አበባ የባንክ አክሲዮን የያዛችሁ ብዙ ናችሁ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራውን የጀመረው በጥር 2025 ነው፤ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። ሦስት አራት ባንክ ውስጥ አክሲዮን ያለው ሰው ተከፋፍያለሁ ብሎ ያስብ ይሆናል። ባንኮቹ ግን የሚኖሩት በአንድ ብሔራዊ ባንክ መመሪያ፣ በአንድ የውጭ ምንዛሪ ገበያ፣ በተመሳሳይ ተበዳሪዎች ነው፤ አንዱን የሚነካው ሌላውንም ይነካል። ከዚህም በላይ የደከመውን አስወጥቶ የበረታውን የሚያስገባ ሕግ የለም፤ ያንን ሥራ የሚሠራው ባለቤቱ ራሱ ነው፣ ያውም ገዢ ካገኘ። ሕግ የሚመርጥበት ሰፊ ዝርዝር እንዲኖር በመጀመሪያ ከልዩ ልዩ የሥራ መስክ የመጡ ብዙ ኩባንያዎች ገበያው ላይ መመዝገብ አለባቸው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ስልካችሁን ስትከፍቱ፣ የፈንዱ ዋጋ ባለፈው ዓመት ስንት እንደወጣ ከማየታችሁ በፊት ገጹን ወደ ታች ዝቅ አድርጉት። Holdings የሚለውን ንኩ፤ በውስጡ ስንት ኩባንያ እንዳለና የመጀመሪያዎቹ አሥሩ ስንት በመቶ እንደያዙ ይነግራችኋል። Expense ratio የሚለው ክፍያውን ይነግራችኋል፤ ሰፊ ዝርዝር ለሚከተል ፈንድ ከ0.1 በመቶ የሚበልጥ ከሆነ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ የፈንዱን ዓላማ የሚገልጸውን አንቀጽ አንብቡ፤ የትኛውን ዝርዝር እንደሚከተል ይጠቅስ እንደሆነ እዩ፤ daily የሚል ቃል ከተባዢ ቁጥር ጋር ካያችሁበት፣ ከላይ ያሰላነው ፈንድ እሱ ነው።